የደጊቱ አፍንጫና የአዝመራው ተልባ

ዳንግላ ውስጥ ሁዳዴ ሲገባ የደጊቱን ደጃፍ የማይረግጥ ሰው ካለ፣ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው ወይ ከእሷ ጋር ተኳርፏል። የተኳረፉትም ቢሆኑ ሰው ልከው ያስገዛሉ። ደጊቱም ማን እንደላከ እያወቀች እንዳላወቀች ሆና ትሰፍራለች። ሙያዋ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ታምሶ የተወቀጠ ተልባ፣ ታምሶ የተወቀጠ ሰሊጥ። ተልባው ከጥሊሊና ከአዘና በኩል ይመጣላታል፤ እሷም የተወለደችው እዚያው አዘና አጠገብ ነው። ሰሊጡ የጃዊ ቆላ ሰሊጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከዚህ ሥራ ሌላ አልሠራችም።

«ይኼ ደግሞ ምን ሙያ ነው?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ቤቱ ገብቶ ይሞክረው። ተልባ አይታጠብም፤ ውሃ ከነካው ይዝለገለግና እጅ ላይ ይጣበቃል። በሰፌድ ተነፍቶ፣ ጠጠሩ ተለቅሞ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይታሻል እንጂ። ሰሊጥ ግን ይታጠባል፤ አሸዋው ከሥር ይዘቅጣል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። እሳቱ ለስለስ ያለ መሆን አለበት፤ ማማሰያውም ለአፍታ አያርፍም። ተልባው ምጣዱ ላይ ትንሽ እንደቆየ መንጣጣትና መዝለል ይጀምራል። ችኩል ሰው ይህን ሲሰማ ደረሰ ብሎ ያወጣዋል፤ ውስጡ ግን ገና ጥሬ ነው። የዘገየ ሰው ደግሞ ያሳርረዋል፣ ያረረ ተልባ መራራ ነው፣ ማር ቢጨመርበትም መራራነቱን አይለቅም። በመልኩ ልለየው ቢሉት አይሆንም፤ ጥሬውም ቡናማ ነው፣ የታመሰውም ቡናማ ነው።

ደጊቱ የምትለየው በአፍንጫዋ ነበር። መጀመሪያ የጎተራ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ የደረቀ ሣር፣ ቀጥሎ አንድ ቅባት ያለው፣ ጣፈጥ የሚል፣ ሆድ የሚያላውስ ሽታ። ይሄኔ ምጣዱን ብድግ አድርጋ ሰፌድ ላይ ትገለብጠዋለች፤ ከእሳት ወርዶም ምጣዱ ላይ ከቆየ የምጣዱ ትኩሳት ያሳርረዋልና። በዚያ ሽታና በማረር መካከል ያለው ጊዜ አማትቦ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። ሲበርድ ሙቀጫ ውስጥ ይገባል። በወጉ የታመሰ ተልባ ዘነዘናው ሲያርፍበት ፍርክስክስ ይላል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ከወንፊቱ የቀረው ተመልሶ ይወቀጣል። ደጊቱ ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ብቻ ትወቅጣለች። የተወቀጠ ተልባ ከሰነበተ ቅባቱ እየተበላሸ ጣዕሙ ይለወጣል፤ የሰነበተ ተልባ ከሷ ቤት ወጣ ከሚባል ሞቷን ትመርጣለች። በልክ እንጂ በአፍንጫ የሚሠራ ሙያ አለ ወይ ብለው ሲያሾፉባት «የናንተ አፍንጫ ለመናፈጫ ብቻ ነው የተሰጣችሁ» ትላቸው ነበር። አንደበቷ ስለት ነው፤ ይህን ባሏም አይክድም።

ባሏ አዝመራው አናጺ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መዶሻ በያዘበት እጁ ሰው ሰላም ሲል የሚያሳምም ሰው። ባለፈው ክረምት እህል ጉሮሮው ላይ ይይዘው ጀመር። መጀመሪያ ቆሎ፣ ቀጥሎ እንጀራ፣ ቀጥሎ ገንፎ እንኳ አልወርድ አለው። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው እንጅባራ ሄደው ታዩ። ሐኪሙ ዶክተር ምንይችል የሚባል ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ዐይን ዐይን እያየ የሚናገር። የጉሮሮው መተላለፊያ ውስጥ ያበጠ ነገር እንዳለ፣ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው፣ ግን በዚህ አቅሙ ሰመመኑን እንደማይችለው ነገራቸው። ሚዛን ላይ ሲወጣ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ነበር።

«ሃምሳ ሁለት ይግቡልኝ» አለ ዶክተሩ። «ስድስት ሳምንት እሰጣችኋለሁ። ወተት፣ እንቁላል፣ የሚወርድላቸውን ሁሉ ይስጧቸው።»

ሦስት ኪሎ። ደጊቱ ሦስት ኪሎ ሲባል ሳቀች ማለት ይቻላል። ሃያ ስድስት ዓመት በኪሎ ስትሰፍር የኖረች ሴት ሦስት ኪሎ ምን ያስፈራታል!

ያስቸገራት ግን አዝመራው ራሱ ነበር። ዘመኑን ሁሉ ሁዳዴን ገድፎ አያውቅም። የንስሐ አባቱ ቤቱ ድረስ መጥተው «አንተ ሕመምተኛ ነህ፣ ወተቱን ጠጣ፣ በእኔ ይሁን» ቢሉት፣ ራሱን ነቅንቆ እጃቸውን ሳመና ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ደጊቱ ታውቀዋለች። በር ሲገጥም አንዴ ከለካ ደግሞ አይለካም።

«እሺ አንተ ሰውዬ፣ ወተቱ ይቅር» አለችው አባ ከወጡ በኋላ። «ተልባና ሰሊጥ ትጠጣለህ። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ ብትለኝ ግን በዚህ ዘነዘና ነው የምልህ።»

«እሱንስ እሺ» አላት።

በዚህ ተስማሙ። ቅባት ያለው፣ ኃይል ያለው፣ ለጾም የተፈቀደ፣ ደግሞ እንደ ውሃ የሚወርድ። ከደጊቱ በላይ ይህን የሚሠራ ሰው በአዊ ዞን አለ እንዴ? እግዜር ሲያዘጋጃት ኖሯል ብለው ጎረቤቶቿ ተናገሩ፤ እሷም በልቧ አምናው ነበር።

በዚያው ሳምንት ጉንፋን ያዛት።

ከተማውን ያዳረሰ ጉንፋን ነበር፤ ሦስት ቀን አስተኝቶ የሚለቅ። ደጊቱንም ሦስት ቀን አስተኛትና ለቀቃት። በአራተኛው ቀን ተነሥታ ከሰሏን አቀጣጠለች፣ ተልባውን ምጣዱ ላይ አፈሰሰች፣ ማማሰያዋን ይዛ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ጠበቀች። የጎተራው ሽታ አልመጣም። ሣሩም አልመጣም። ቆየት ብላ አንገቷን ወደ ምጣዱ ሰበር አድርጋ ሳበች፤ ትኩሳቱ ፊቷን መታት እንጂ ምንም የለም። ጢስ ስታይ ብድግ አደረገችው።

ልብ በሉ፣ ያን ቀን ለማንም ብትናገር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ግን ደጊቱ ናት። የዳንግላን ሰው አፍንጫ ስትሰድብ የኖረች ሴት፣ የኔ አፍንጫ ሞተ ብላ በምን አፏ ትናገር? ነገ ይመለሳል አለች። ወቀጠችው፣ በጠበጠችው፣ ጨው ጣል አደረገችበት፣ ለባሏ ሰጠችው። አዝመራው አንድ ጉንጭ ወሰደና ኩባያውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ምነው?»

«የለም፣ ቆይቼ እጠጣዋለሁ።»

ቀመሰችው። ምላሷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ጨዉም እንኳ ከሩቅ ነው የመጣላት። ከኩባያው ሥር ያረፈውን ዱቄት በጣቷ አውጥታ ብርሃን ላይ ስታየው ጠቁሯል። ሰውየው በዚያ ቀንና በማግሥቱ ለብ ካለ ውሃ በቀር ምንም አልወሰደም፤ ምሬቱ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ሁለት ቀን። የሃምሳ ሁለት ኪሎ መንገድ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ሄደ፣ ያውም በእሷ እጅ።

ከዚያ በኋላ ፈራች። ማረር ፈራች። አንድ ጊዜ የፈራ ሰው ምጣድ ፊት ምን እንደሚሆን ታውቁት ይሆናል፤ ተልባው ገና መንጣጣት ሲጀምር እጇ ምጣዱን ይዟል። ሰሊጡም ገና ሳይወረዛ፣ ገና መልኩ ፈካ እንዳለ ይወርዳል። ሲወቀጥ ተልባው አይፈረከስም፣ ከዘነዘናው ሥር ያመልጣል፣ ይጠፈጠፋል፣ ሙቀጫው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። «ጉንፋኑ ክንዴን አድክሞታል» አለች፣ ክንዷን ወቀሰች። በወንፊት ስትነፋው ደግሞ ግማሹ ከወንፊቱ ላይ ቀረ። ቀድሞ ቢሆን ተመልሶ ሙቀጫ ይገባል። አሁን ግን ክንዷ ደክሟል ብላለች፣ ሰውየውም ሦስት ኪሎ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ተልባ ከወንፊት ላይ ለምን ይቀርበታል? ወንፊቱን ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ ያልደቀቀውንም የደቀቀውንም አንድ ላይ በጠበጠችለት። አንዲት ፍሬ እንዳትቀርበት ብላ ነው። በፍቅር ነው ያደረገችው፤ እኔ በዚህ አልፈርድባትም፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ ትፈርዳለች።

አዝመራው ጠጣው። ያልታመሰ ተልባ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይዝለገለጋል፣ ለታመመ ጉሮሮም ይስማማል። በቀን ሦስት ኩባያ፣ አንዳንዴ አራት። ደጊቱ ኩባያው ባዶ ሆኖ ስታየው ታመሰግን ነበር። ለገበያ የምትሸጠውን አቆመች፤ ለጠየቃት ሁሉ «ዘንድሮ ለአዝመራው ብቻ ነው» አለች። ይህ ሐሰት አልነበረም፣ ሙሉ እውነትም አልነበረም። ሰውየው ፊቱ የሞላ መስሎ ይታያት ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

ግቢያቸው ውስጥ ዮዲት የምትባል ነርስ ተከራይታ ትኖራለች፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ሩጫ የማያልቅባት ልጅ ናት። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ አዝመራውን ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱትና ሚዛን ላይ አወጡት። ዮዲት የሚዛኑ መርፌ ሲቆም አንዴ አየችው፣ ሰውየውን አስወርዳ እንደገና አወጣችው።

«ስንት ነው?» አለች ደጊቱ።

«አርባ ሰባት።»

«ሚዛኑ ነው።»

«እትዬ ደጊቱ፣ ሚዛኑ ደኅና ነው። እኔም ወጥቼበታለሁ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ በባጃጁ ውስጥ አዝመራው ነው ያናገራት፤ «ልብሴ ነው የቀለለው፣ ባለፈው ካፖርት ለብሼ ነበር» አላት። ያን ያህል ዓመት አብረው ሲኖሩ እሱ ሊያጽናናት ብሎ ቀልዶ አያውቅም ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት የአዝመራውን ፖፖ ይዛ ወጣች። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፤ እሱ እስከዚያ መሄድ አቅቶታል። ሁልጊዜ የምታደርገው ነው፣ ፊቷን መለስ አድርጋ ትደፋዋለች። ያን ቀን ግን ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ በላይ ወጥታ ነበርና ዐይኗ ወደቀበት። ተልባው አለ። ሰሊጡም አለ። የደቀቀው አይደለም፣ ሙሉው፤ እያንዳንዱ ፍሬ እንደገባ የወጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መሬት ላይ ቢዘራ የሚበቅል የሚመስል። በሰውየው ሆድ ውስጥ አልፎ አንዲት ነገር አልተወለትም። ደጊቱ ፖፖውን ይዛ ቆመች። ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ዮዲት ጥርሷን እየፋቀች ከክፍሏ ወጣች።

«ምነው እትዬ? አቶ አዝመራው...?»

ደጊቱ መናገር አቃታት፣ ፖፖውን አሳየቻት። ዮዲት ነርስ ናት፣ አልተጸየፈችም። ጎንበስ ብላ አየችና መፋቂያዋን ከአፏ አወጣች።

«ጥሬውን ነው እንዴ የሚሰጧቸው?»

«ታምሶ ነው! ተወቅጦ ነው!»

«ይኼ አልተወቀጠም እትዬ። ተልባ ቅርፊቱ ካልተሰበረ ሆድ አይፈጨውም። ጥቅሙ ሁሉ ቅርፊቱ ውስጥ ነው፣ ቅባቱም፣ ፕሮቲኑም። በደንብ ከታመሰ ይደርቃል፣ ሲወቀጥ ይደቃል፣ ያኔ ሰውነት ያገኘዋል። እንዲህ ሆኖ ከሆነ ግን...» ብላ ቆመች። የደጊቱን ፊት አይታ ነው የቆመችው። ይህን ለደጊቱ ማስተማር ለአናጺ ምስማር የሚመታው በየትኛው ወገን ነው እንደማለት እንደሆነ ገባት።

ያኔ ነው ደጊቱ የተናገረችው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጓሮ ውስጥ፣ ፖፖ እንደያዘች። «አይሸተኝም» አለች። «ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ይኼ ራሱ አይሸተኝም። አፍንጫዬ ሞቷል፣ ዮዲት። ምጣድ ፊት ዕውር ነኝ።»

«ይመለስ ይሆናል። አንዳንድ ሰው ላይ በወሩ ይመለሳል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ዓመት ይቆያል።»

«የማይመለስበትስ የለም?»

ዮዲት መሬት መሬት አየች። «እሱም አለ» አለች።

ዮዲት አለመዋሸቷ ደጊቱን ጠቅሟታል ባልልም፣ ቢያንስ ሰው ፊት የምትደብቀው ነገር አለቀላት። ገብታ ለአዝመራው ነገረችው። ሦስት ሳምንት ውሃ ስታጠጣው እንደከረመች፣ ኪሎውን የበላችው እሷ እንደሆነች፣ ወንፊቱን እንደሰቀለችው ሁሉ ነገረችው። ሰውየው አዳመጠ። ከዚያ ከአልጋው ላይ እግሮቹን ወደ መሬት አወረደ።

«ወንበሩን ከምድጃው አጠገብ አድርጊው።»

«ምን ልትሆን?»

«አንቺ አማስይ፣ እኔ ላሽትት።»

ደጊቱ በዕንባዋ መካከል ቱግ አለች፤ «አንተ ደግሞ! ያንተ አፍንጫ ከሳንቃና ከሙጫ ሌላ ምን ያውቃል?»

እውነቷን ነበር። የመጀመሪያውን ምጣድ አሳረሩት፤ አዝመራው «አሁን» ሲል ከዘገየ በኋላ ነበር። ሁለተኛውን ቸኩለው አወረዱት፣ ሙቀጫው ላይ ተጠፈጠፈ። በሦስተኛው ደጊቱ ሽታዎቹን አንድ በአንድ ነገረችው። «መጀመሪያ የጎተራ ነው። ጎተራ ታውቃለህ አይደል? ቀጥሎ ሣር ነው፣ የሰነበተ ድርቆሽ። እሱን እለፈው። ቀጥሎ የሚመጣው... እንዴት ልበልህ፣ አፍህ ውኃ ያቋጥራል።» ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ፣ የከሱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በጸሎት ላይ እንዳለ ሰው ተቀመጠ። ምጣዱ ተንጣጣ፤ እሷ ማማሰያዋን እያሽከረከረች ፊቱን ታያለች። ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ።

«አሁን!»

ገለበጠችው። ሲበርድ ወቀጠችው፤ ከዘነዘናው ሥር ፍርክስ አለ። ያ ድምፅ ናፍቋት ነበር። በወንፊት ነፋችው፣ የቀረውን መልሳ ወቀጠችው፣ ደግማ ነፋችው። ሰሊጡንም እንዲሁ አደረጉ፤ ወቅጣ ወቅጣ ቅባቱ ሲወጣና ሲያያዝ በውሃ መታችውና በነጠላ ጨርቅ አጠለለችው፣ ወተት መሰለ። አዝመራው ጠጣና አፉን ጠረገ።

«እንዲህ ነበር እንዴ የሚጣፍጠው? ያን ሁሉ ዘመን እየበላሁት አላወቅሁትም።»

ሁለት ሳምንት በዚህ ሁኔታ ሠሩ። ደጊቱን ብትጠይቋት ከትዳሯ ዘመን ሁሉ እነዚያን ሁለት ሳምንታት ትመርጣለች። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እሷ በርጩማዋ ላይ፤ ስለማንም ያወራሉ፣ ሽታው ሲቀርብ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ፖፖውን በየቀኑ ታየው ነበር፤ ሙሉ ፍሬ አይታይበትም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ዮዲት ሚዛን ላይ አወጣችው፤ አርባ ሰባት ከግማሽ። ግማሽ ኪሎ! ደጊቱ ግማሽ ኪሎ ተልባ እጇ ላይ ስታስቀምጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለች። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ እልልታዋን ልታቀልጠው ስትል፣ ዮዲት ናት በጾም አይባልም ብላ እየሳቀች ያስቆመቻት።

ቀጠሮው የደረሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት ተልባው ራሱ አልወርድ አለው። ኩባያውን አፉ ላይ ያደርሳል፣ ይውጣል፣ መልሶ ይመጣል። ደጊቱ አቀጠነችው፣ ደግማ አቀጠነችው፣ ውሃ ነው የሚባል እስኪሆን ድረስ አቀጠነችው። በሚኒባስ እንጅባራ ሲደርሱ ደግፋው ሳይሆን ታቅፋው ነው የወረደችው። ዳገቱ ላይ ያለው ብርድ አጥንቱን ሲያንቀጠቅጠው ጋቢዋን ደረበችለት።

ሚዛኑ አርባ አምስት አለ።

ዶክተር ምንይችል መረመረው፣ ቱቦ አስገብቶ አየ፣ አዝመራው ትንሽ እንዲያርፍ አልጋ ላይ አስተኛውና ደጊቱን ወደ ቢሮው ጠራት። ወንበር ሰጣት። እሱም ወንበሩን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥቶ አጠገቧ አደረገው። ሐኪም ወንበሩን እንዲህ ሲያደርግ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገባት።

«እብጠቱ አድጓል፣ እናቴ» አላት። «መንገዱን ዘግቶታል ማለት ይቻላል። ወደ ጉበቱም ሄዷል። ከእንግዲህ ቀዶ ጥገና አይጠቅማቸውም። ሃምሳ ሁለትም ቢገቡ አልነካቸውም።»

«ግማሽ ኪሎ ጨምሮ ነበር» አለች። «ባለፈው ሳምንት ጨምሮ ነበር። ዮዲት ጽፋዋለች።»

«አምናለሁ።»

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።» የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ለቀቀችው። «ሦስት ሳምንት ያልደቀቀ ሰጥቼዋለሁ። አይሸተኝም ነበርና ሳይበስል አወረድኩት፣ ሳይደቅ አጠጣሁት፣ እንዳለ ነው የወጣው። ያን ሦስት ሳምንት በወጉ አድርጌ ሰጥቼው ቢሆን... ያኔ ሃምሳ ሁለት ገብቶ ቢሆን... ትቀደው ነበር?»

ዶክተሩ መልካም ሰው ነው፤ «በፍጹም አይደለም» ብሎ ሊያሰናብታት ይችል ነበር።

«እብጠቱ የዚያን ጊዜም እንዲህ ፈጥኖ ያድግ ነበር ብዬ አስባለሁ» አለ። «ግን እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎት አልችልም። ማንም አይችልም።»

«እግዜርስ?»

«እሱ ያውቃል።»

«እሱም አይነግረኝማ» አለች ደጊቱ፣ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። አላለቀሰችም። ሐኪሙን አመሰገነችው፤ ለምን እንዳመሰገነችው ራሷም አታውቅም።

ዳንግላ ሲገቡ ፀሐይ ገና ነበረች። አዝመራው አልጋው ላይ እንዳረፈ ዐይኑን ገልጦ አያት። ሐኪሙ ምን እንዳለ አልጠየቃትም፤ ዝምታውን ታውቀዋለች ብያችኋለሁ።

«ምድጃውን አቀጣጥዪ» አላት። «ዛሬ ምንም አልቀመስኩ።»

«አይወርድልህም፣ የኔ ጌታ።»

«ይታመስ እስቲ።»

ወደ ምድጃው የሚያስኬድ አቅም አልነበረውም። ከሰሉን አቀጣጥላ ምድጃውን ወደ አልጋው አቀረበችው፣ እፍኝ ተልባ ምጣዱ ላይ አፈሰሰች፣ ማማሰያዋን ያዘች። መንጣጣቱ ጀመረ። ደጊቱ ምጣዱን አላየችም፣ እሱን ነው ያየችው፤ ዐይኑ ተጨፍኗል፣ ትንፋሹ አጭር አጭር ነው። ተኛ ወይስ እየሸተተው ነው? ልትጠይቀው ፈራች። ልታወጣው ፈራች፣ ልትተወው ፈራች። እጇ ብቻ ይዞራል።

«አሁን» አለ፣ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቅሶ።

ገለበጠችው። አብርዳ ወቀጠችው፣ ነፋችው፣ በጠበጠችው። ራሱን ደግፋ በማንኪያ ሰጠችው፤ ሁለት ማንኪያ ወረደ፣ ሦስተኛው ተመልሶ በአገጩ ላይ ወጣ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ጥሩ ሆኗል?»

«በጣም ጥሩ ሆኗል» አላት። «እንደ ድሮሽ ነው።»

የተረፈው እንዳይደፋ ቆማ ራሷ ጠጣችው። ለብ ያለ ውሃ ነበር፤ ምንም አልሸተታትም፣ ምንም አልጣማትም። ኩባያው ሥር ያረፈውን በጣቷ ጠርጋ ላሰችው፣ እሱም ምንም አልነበረም። ጥሩ ሆኗል ያላትን ከማመን በቀር የምታደርገው አልነበራትም።